ወለዱ ሳይነቃነቅ ብድሩ ሲጠፋ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። መምህራችን አንድ የድርሰት ጥያቄ ሰጥተውናል፦ ‹የገንዘብ ፖሊሲ በወለድ፣ በብድር፣ በሀብት ዋጋና በምንዛሪ ተመን መስመሮች ወደ ኢኮኖሚው እንዴት እንደሚደርስ አብራሩ። በኢትዮጵያ የትኛው ይበልጥ ይሠራል?› አራቱንም መስመሮች ሸምድጃለሁ። ቀስቶቹን መደርደር አያቅተኝም። ነገር ግን በልምምዱ ላይ ‹ዝርዝር ነው እንጂ መልስ አይደለም› ተብዬ ግማሽ ነጥብ ብቻ አገኘሁ። ምን ልጨምርበት?»
ከቀበሌ 13፣ ባሕር ዳር

ልጄ፣ ቀስቶቹን ካወቅሽ ግማሹን መንገድ ሄደሻል። የቀረው «የትኛው ይበልጥ ይሠራል?» የሚለው ነው፤ እሱ በሽምደዳ አይመለስም። እያንዳንዱ ቀስት ሳይናገር የሚያስቀድመው ሁኔታ አለው። ያ ሁኔታ እኛ አገር አለ ወይ ብለሽ መፈተሽ አለብሽ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልምከርሽ። ለአራቱ መስመሮች እኩል እኩል አንቀጽ አትስጪ። ብድሩን መሃል አስቀምጪና ሌሎቹን በእሱ ዙሪያ አምጪያቸው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ እኛ አገር የሆነው ነገር ለዚህ ጥያቄ ታስቦ የተሰናዳ ምሳሌ ይመስላል።

አንድ ሰው እንያዝ። ለማስረዳት የፈጠርኩት ሰው ነው፤ የእሱ ቁጥሮችም ለሒሳብ እንዲመቹ የተያዙ ናቸው። ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ያለው ነጋዴ ነው እንበል። ቤቱ ባሕር ዳር ነው። ከፎገራ ገበሬዎች ሩዝ ይገዛል፣ ይፈለፍላል፣ ባሕር ዳርና ጎንደር ላሉ ቸርቻሪዎች ይሸጣል። አሮጌው ማሽን ሩዙን እየሰባበረ አስቸግሮታል። የተሰባበረ ሩዝ ደግሞ ዋጋ አያወጣም። ስለዚህ 20 ሺህ ዶላር የሚያወጣ አዲስ ማሽን ማስመጣት ይፈልጋል። ጊዜው ነሐሴ 2015 ነው። ባንክ ሄዶ 2 ሚሊዮን ብር ጠየቀ።

መጀመሪያ ወለዱን እንይ። መጽሐፉ እንዲህ ይላል፦ ማዕከላዊ ባንኩ የፖሊሲ ወለዱን ሲያሳድግ ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ወለድ ይወደዳል፤ ከዚያ ለደንበኛ የሚሰጡት ብድር ይወደዳል፤ ነጋዴው ማሽን መግዛቱን ይተዋል፤ ጥቅል ፍላጎት ይቀንሳል፤ የዋጋ ንረቱ ይረግባል። ነጋዴያችን በ16 በመቶ ቢበደር የዓመት ወለዱ 320 ሺህ ብር ነው። ወለዱ 19 በመቶ ቢሆን 380 ሺህ ይሆናል። ልዩነቱ 60 ሺህ ብር ነው። ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ግን ቆይ። በ2015 ክረምት የዋጋ ንረቱ 28 በመቶ አካባቢ ነበር። ሰውየው 2 ሚሊዮን ተበድሮ ከዓመት በኋላ 2 ሚሊዮን 320 ሺህ ቢመልስ፣ ያ ገንዘብ በተበደረበት ቀን ብር ሲመዘን 1 ሚሊዮን 812 ሺህ ገደማ ነው። ከወሰደው ያነሰ መለሰ ማለት ነው። ወለዱ 19 በመቶ ቢደረግበት እንኳ የሚመልሰው በዚያው ሚዛን ወደ 1 ሚሊዮን 860 ሺህ ነው። አሁንም ከወሰደው ያንሳል። እንዲህ ያለ ሰው 3 ነጥብ ወለድ ስለተጨመረ ከባንክ ደጃፍ አይመለስም። ብድሩን ካገኘ ይወስዳል፤ ሩጦ ነው የሚወስደው።

ድርሰትሽ ላይ ይህን ስትጽፊ አትወሳሰቢ። እውነተኛ ወለድ ማለት በወረቀት ላይ ካለው ወለድ የዋጋ ንረቱ ሲቀነስ የሚቀረው ነው በይ። ውሳኔ የሚነዳው እሱ ነው። በዚያ ዓመት እሱ ከዜሮ በታች 12 ገደማ ነበር። በዚህ አንድ ስሌት ብቻ የወለዱ መስመር በዚያን ጊዜ ለምን እንደላላ አሳየሽ ማለት ነው።

ሌላም የላላ ቦታ አለ፤ ከላይኛው ጫፍ። ከጥቅምት 2010 ጀምሮ የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው። ያን ጊዜ ብር በ15 በመቶ እንዲዳከም ሲደረግ ነው ከ5 ወደ 7 ከፍ ያለው። ትልልቅ አስቀማጮች በጊዜ ገደብ ሲያስቀምጡ ተደራድረው ከዚያ በላይ ያገኛሉ። የብዙሃኑ የቁጠባ ደብተር ግን እዚያው 7 ላይ ነው ያለው። ታዲያ ባንኩ የሚያበድረውን ገንዘብ አብዛኛውን በ7 በመቶ ከሰበሰበ፣ ብሔራዊ ባንክ የፖሊሲ ወለዱን ቢያነሳ ቢጥል የባንኩ ወጪ ብዙም አይነካም። ወጪው ካልተነካ የብድሩን ወለድ የሚቀይርበት ግፊት ደካማ ነው። የመጀመሪያው ቀስት እዚህ ጋ ነው የሚሳሳው። በዚያ ላይ በ2015 የባንኮች የእርስ በርስ ገበያ ገና ሥራ አልጀመረም ነበር። ብሔራዊ ባንክ በወለድ ላይ ወደተመሠረተ ሥርዓት መሸጋገሩን ያወጀውና የፖሊሲ ወለዱን 15 በመቶ ያደረገው በሐምሌ 2016 ነው። ስለዚህ ቀኑን ተጠንቀቂ። «በ2015 የፖሊሲ ወለዱ ተነስቶ ብድር ቀነሰ» ብለሽ ከጻፍሽ፣ ያልነበረ ነገር ነው የጻፍሽው።

አሁን ወደ ብድሩ እንምጣ። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ ለባንኮች አንድ ገደብ ሰጠ። እስከ ሰኔ 2016 ድረስ ያላችሁ የብድር መጠን ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ አለ። ገደቡ ዋጋ ላይ አይደለም፤ መጠን ላይ ነው። «ብድር አስወድዱ» አላለም፤ «ከዚህ በላይ አትስጡ» ነው ያለው።

ይህን በሒሳብ አሳዪ፤ መምህርሽ የሚፈልጉት ይሄን ይመስለኛል። አንድ ባንክ በሰዎች እጅ ያለ 100 ቢሊዮን ብር ብድር አለው እንበል። በዓመቱ መጨረሻ 114 ቢሊዮን ሊሆን ይችላል። ከደንበኞች ተመልሶ የሚገባውን ገንዘብ እንደገና ማበደር ይችላል፤ የተገደበው የተጣራው ጭማሪ ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ብድር ጨመረ። ግን ዋጋ በ28 በመቶ ቢያድግ ኖሮ፣ ያ 114 ቢሊዮን በዓመቱ መጀመሪያ ዋጋ 89 ቢሊዮን አካባቢ ነው። በመግዛት አቅም ሲለካ ብድሩ በ11 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ማለት ነው። ገደቡ የያዘበት ጉልበት እዚህ ላይ ነው። 14 በመቶ የሚለው ቁጥር ለጋስ ይመስላል፤ በዚያ የዋጋ ንረት ውስጥ ግን ጠንካራ ማጥበቂያ ነበር። (ንረቱ በዓመቱ ውስጥ እየወረደ ስለሄደ በተግባር የደረሰው ጫና ከዚህ ይለዝባል። ስሌቱን ስታሳዪ ይህንንም በአንድ ሐረግ ጠቁሚ።)

አሁን ነጋዴያችን ብድር መኮንኑ ፊት ተቀምጧል። መኮንኑ ፋይሉን አገላብጦ «ፕሮጀክቱ ጥሩ ነው፣ ማስያዣውም በቂ ነው፣ ግን ኮታችን ሞልቷል፤ ሌላ ጊዜ ይሞክሩ» ይለዋል። ወለዱ እዚያው ነው፤ አልተነሳም። ሰውየው በ16 በመቶ ሊወስድ ፈቃደኛ ነው፣ በ19ም ይወስዳል። ብድሩ ግን የለም። ይሄ ነው የብድር መስመር ማለት። በትምህርቱ ይህኛው ቅርንጫፍ የባንክ ብድር መስመር ይባላል፦ ፖሊሲው የባንኩን የማበደር አቅም ይቀንሳል፣ ከባንክ ሌላ አማራጭ የሌለው ተበዳሪ ሥራውን ያቆማል።

«ከባንክ ሌላ አማራጭ የሌለው» የምትለዋን ሐረግ አትርሺ፤ ቅድመ ሁኔታዋ እሷ ናት። አንድ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ ባንክ ቢከለክለው ቦንድ ሸጦ ከገበያ ገንዘብ ያመጣል። የወረታው ሰው ቦንድ አይሸጥም። ያለው አማራጭ እቁብ፣ ዘመድ፣ ወይም በሕግ የተከለከለው አራጣ ነው። እቁብ ደህና ነው፤ ግን የሱ እቁብ ቢበዛ ሁለትና ሦስት መቶ ሺህ ብር ነው እንበል፤ ማሽን አይገዛም። ስለዚህ ማሽኑን ይተወዋል። አሮጌውን እየጠገነ ይቀጥላል። በኢትዮጵያ የብድር መስመር የሚበረታው ለዚህ ነው፤ አብዛኛው ድርጅት ከባንክ ውጪ የሚበደርበት ገበያ የለውም።

ገደቡ ለሁሉም እኩል እንደማይደርስም ጻፊ። ባንክ ኮታው ሲያንስበት መጀመሪያ የሚሰጠው ለነባር ትልልቅ ደንበኞችና ዶላር ለሚያመጡለት ላኪዎች ነው። በአጭር ጊዜ የሚመለስ ብድርን ይመርጣል። አዲስ ደንበኛ ሆኖ ለማሽን የአምስት ዓመት ብድር የሚጠይቅ ሰው መጨረሻ ይሰለፋል። ፖሊሲው የዋጋ ንረትን ለማብረድ ቢሆንም፣ ማምረቻ የሚያሰፉትን ዕቃ ገዝተው ከሚሸጡት በላይ ሊጫናቸው ይችላል። ይህ የመስመሩ ትልቅ ጉድለት ነው፤ እኔ በበኩሌ ሳይጻፍ እንዲታለፍ አልፈልግም።

ሁለተኛው የብድር ቅርንጫፍ የሂሳብ ሚዛን መስመር ይባላል። እዚህ የሚታየው ባንኩ ሳይሆን የተበዳሪው አቅም ነው። ወለድ ሲወደድ ወይም የቤት ዋጋ ሲወርድ የሰውየው ማስያዣ ዋጋ ያጣል፣ ገቢውም ይሳሳል፣ ባንኩም ይጠራጠረዋል። ቤን በርናንኪና ማርክ ገርትለር እ.ኤ.አ. በ1995 ያስረዱት ይህንን ነው። እነሱ የብድር መስመርን ከወለዱ ተለይቶ ለብቻው የቆመ መንገድ አላደረጉትም፤ የወለዱን ጉልበት የሚያጎላ አድርገው ነው ያዩት። አንቺ ግን አንድ ነገር ልትጨምሪ ትችያለሽ። እኛ አገር በ2015 የተሠራበት የቁጥር ገደብ ስለሆነ፣ ብድሩ ወለዱን ሳይጠብቅ ብቻውን ተንቀሳቀሰ። ይህን ልዩነት የጻፈ ተማሪ ጥያቄው ገብቶታል ማለት ነው።

ታዲያ የቀነሰው ብድር በባንኩ ምክንያት ይሁን በተበዳሪው በምን ይታወቃል? ይሄ ነው ከባዱ ቦታ። ብድር ሲቀንስ ሁለት ታሪክ ሊኖር ይችላል። ወይ ባንኩ አልሰጠም፣ ወይ ሰው አልጠየቀም። ወለዱ ተወድዶ ብድሩም ከቀነሰ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ወለዱ ብዙም ሳይነቃነቅ ብድሩ ከቀነሰና ፈላጊው ተሰልፎ ከቀረ ግን ጣትሽ ወደ አቅርቦቱ ይጠቁማል። ገደቡ በቁጥር ታውጆ የወጣ ስለሆነ ይህን ማሳየት ከሌላ ጊዜ ይልቅ ይቀላል።

ግን የራሳችንን ከተማ ምሳሌ አድርገሽ ከወሰድሽ በጣም ተጠንቀቂ። በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው በሐምሌ 2015 መጨረሻ ነው። የብድር ገደቡ የመጣው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። በዚያ ዓመት ባሕር ዳር ላይ ጀልባው ቆመ፣ ሆቴሉ ባዶ ሆነ፣ የመንገዱም ነገር የሚታወቅ ነው። ብዙ ሰው ብድር ያልጠየቀው ባንክ ስለከለከለው አይደለም፤ ሥራው ስለቆመ ነው። ሁለቱ በአንድ ወቅት ስለመጡ የባሕር ዳርን ቁጥር ብቻ ይዘሽ «ገደቡ ይህን አደረገ» ማለት አትችይም። ሰላም የነበረባቸውን ከተሞች ከእኛ ጋር ብታወዳድሪ ነው የገደቡ ድርሻ ሊለይ የሚችለው። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ብትጽፊ ይበቃል።

ተመሳሳይ ጥንቃቄ ለዋጋ ንረቱም ይደረግ። ንረቱ ከ28 አካባቢ ተነስቶ በ2017 መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዷል። ሁሉንም ለብድር ገደቡ አትስጪው። በዚያው ነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ ለመንግሥት በቀጥታ የሚያበድረውን ካለፈው ዓመት ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ አድርጎ ነበር። ለባንኮች የሚሰጠውን የአስቸኳይ ብድር ወለድም ከ16 ወደ 18 በመቶ አንስቷል። ሦስቱ በአንድ ላይ ነው የወጡት።

አንድ ነገር ልብ በይ። ንረቱ 14 ሲሆን ያ የነጋዴያችን 16 በመቶ ወለድ ምን ሆነ? በወረቀት ላይ አልተለወጠም። እውነተኛው ወለድ ግን ከዜሮ በታች 12 ከነበረበት ከዜሮ በላይ 2 ሆነ። ማንም ያን ወለድ ሳይነካ ብድር በ14 ነጥብ ተወደደ። ብድሩ የጀመረውን ሥራ ወለዱ ከኋላ ሆኖ ይቀጥላል ማለት ነው። መስመሮቹ እርስ በርስ እንደሚያያዙ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ስለ ሀብት ዋጋ መስመር ብዙ አልልሽም፤ አንቺም ብዙ አትጻፊ። ትምህርቱ የጄምስ ቶቢንን ሐሳብ ይጠቅሳል፦ የአክሲዮን ዋጋ አዲስ ፋብሪካ ከመትከል ወጪ በላይ ሲሆን ኩባንያዎች ይተክላሉ፤ ወለድ ሲወደድ የአክሲዮን ዋጋ ስለሚወርድ መትከሉ ይቀንሳል። ሁለተኛው ቅርንጫፍ ሰው ሀብቱ ሲጨምር ብዙ ያወጣል የሚለው ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው በጥር 2017 ነው፤ ገና ጥቂት ኩባንያ ነው ያለበት። ስለዚህ በአክሲዮን በኩል መስመሩ ቀጭን ነው። ያለን ሀብት ቤት ነው። በቤት በኩል ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ቁጠባ 7 በመቶ እየከፈለ ዋጋ በ28 በመቶ ሲያድግ፣ ገንዘብ ያለው ሰው ብሩን በባንክ አያስቀምጥም። ዲያስፖራ ሰፈር ቤት ይገዛል፣ ካልሆነ ብረትና ሲሚንቶ ያከማቻል። የቤት ዋጋ የሚነሳው ኢኮኖሚው ስለሰባ ሳይሆን ሰው ከብር ስለሸሸ ነው። ያ ቤት ተመልሶ ማስያዣ ይሆናል፤ ወደ ሂሳብ ሚዛን መስመር የሚያገናኘውም ይሄ ነው። ለዚህ አንድ አጭር አንቀጽ በቂ ነው።

የምንዛሪ ተመን ላይ ግን አብዛኛው ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። መጽሐፉ የሚለው፦ ወለድ ሲነሳ የውጭ ገንዘብ ወለድ ፍለጋ ይገባል፣ የአገሩ ገንዘብ ይጠነክራል፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ይረክሳል፣ ወደ ውጭ የሚላከው ይወደዳል። ቅድመ ሁኔታው ገንዘብ ከአገር አገር እንደልቡ መግባትና መውጣት መቻሉ ነው። እኛ አገር ይህ የተገደበ ነው። ስለዚህ ከወለድ ወደ ምንዛሪ የሚሄደው የመጀመሪያው ቀስት በጣም ደካማ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በአንድ ቀን በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ወደ 74 ብር ከፍ አለ፤ ከዚያ በወራት ውስጥ ከ120 አለፈ። ተማሪው ይሄንን አይቶ «የምንዛሪ መስመር ሠራ» ብሎ ይጽፋል። አይደለም። ያ ወለድ ተለውጦ በመስመሩ የተላለፈ ውጤት አይደለም። የሥርዓት ለውጥ ነው። እንዲያውም የፖሊሲ ወለዱ 15 በመቶ ተብሎ የታወጀው በዚያው ወር ነው፤ መጽሐፉ ቢሠራ ኖሮ ብርን መደገፍ ነበረበት። ስለዚህ የመስመሩን የላይኛውን ቀስት በዚህ ማስረዳት አይቻልም። የታችኛውን፣ ማለትም ከምንዛሪ ወደ ዋጋ ያለውን፣ ግን በደንብ ይቻላል።

ወደ ሩዙ ሰው እንመለስ። በነሐሴ 2015 የ20 ሺህ ዶላር ማሽን በባንክ ተመን 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር አካባቢ ነበር። እሱ ግን 2 ሚሊዮን ነው የጠየቀው። ለምን? ዶላሩን በባንክ ተመን ስለማያገኝ ነው። ወረፋው ረጅም ነው። አስመጪው ማሽኑን የሚተምነው በጥቁር ገበያው ነው፤ እዚያ ዶላሩ ያን ጊዜ መቶ ብርን አልፎ ነበር። የባንኩ ተመን ከ57 ወደ 120 ሲሄድ የማሽኑ ዋጋ ከእጥፍ በላይ አላደገም፤ ቀድሞውኑ አብዛኛውን መንገድ ሄዷል። በ120 ሒሳብ ማሽኑ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ይሆናል። ከ2 ሚሊዮን የጨመረው 20 በመቶ ነው። ብር ከግማሽ በላይ ዋጋውን ሲያጣ አጠቃላይ የዋጋ ንረቱ ለምን እንዳልፈነዳ ከሚገልጹት ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው። በባንክ ተመን ይገቡ የነበሩ እንደ ነዳጅና ማዳበሪያ ያሉ ዕቃዎች ላይ ግን ጫናው እውነተኛ ነበር፤ መንግሥት በድጎማና ቀስ በቀስ በማስተላለፍ ነው ያለዘበው።

ሌላው ወገንም አለ። ከውጭ የሚገባው ሩዝ በብር ሲወደድ ባሕር ዳር ያለ ቸርቻሪ ወደ ፎገራ ሩዝ ያያል። ማሽን ላይ የተጎዳው ሰው ገበያ ላይ ይጠቀማል። ፍላጎት ከውጭ ዕቃ ወደ አገር ውስጥ ዕቃ መዞር የሚባለው ይህ ነው። ግን ሩዙን በጥራት ለመፈልፈል አዲሱ ማሽን ያስፈልገዋል፤ ለማሽኑ ብድር ያስፈልገዋል፤ ብድሩ ደግሞ ያን ጊዜም ገደብ ነበረበት። በ2017 ገደቡ ወደ 18 በመቶ ከፍ ብሏል፤ በ120 ብር ዶላር ግን የሚጠይቀው ብድርም አድጓል። የምንዛሪው መስመር ዕድል ሲከፍት የብድሩ መስመር በሩን ይዞ ቆሟል። የድርሰትሽ ምርጥ አንቀጽ ይሄ ሊሆን ይችላል።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ መልሱን መጀመሪያ አስቀምጪ። መግቢያሽ ለምሳሌ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «በኢትዮጵያ ከ2015 እስከ 2017 ባለው ጊዜ ዋናው ማስተላለፊያ የባንክ ብድር መስመር ነው፤ ምክንያቱም ፖሊሲው የተሠራበት መሣሪያ የብድር መጠን ገደብ ነው፣ ድርጅቶችም ከባንክ ውጪ የገንዘብ ምንጭ የላቸውም። የወለድ መስመር በአሉታዊ እውነተኛ ወለድና በቁጠባ ወለድ ወለል ምክንያት ላልቷል። የምንዛሪ መስመር ከተመን ወደ ዋጋ ይሠራል፣ ከወለድ ወደ ተመን ግን ደካማ ነው። የሀብት ዋጋ መስመር በአክሲዮን በኩል ገና ነው።» ይህን በራስሽ ቃል ጻፊው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይህን ማስረዳት ነው። አንዱን መስመር በማጥበቅ ከጀመርሽ ሌሎቹንም በማጥበቅ ጨርሺ፤ ግማሹን በማጥበቅ ግማሹን በማላላት መጻፍ አንባቢውን ያምታታል፣ ነጥብም ያስቀንሳል።

በመጨረሻው አንቀጽ መልስሽ መቼ እንደሚለወጥ ተናገሪ። ገደቡ ሙሉ በሙሉ ከተነሳ፣ የባንኮች የእርስ በርስ ገበያ ከሰፋ፣ የ7 በመቶው ወለል የባንኮችን ወጪ መወሰኑን ካቆመ፣ የወለድ መስመሩ ይጠነክራል። ማረጋገጫውም ቀላል ነው። ብሔራዊ ባንክ በየሩብ ዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት የብድር ወለድ ሠንጠረዥና አዲስ የተሰጠ ብድር ሠንጠረዥ አለ። ሁለቱን ከ2014 ጀምረሽ ጎን ለጎን በአንድ ገጽ አስቀምጫቸው። ከሐምሌ 2016 በፊት ወለዱ ተኝቶ ብድሩ ብቻ ሲንቀሳቀስ ካየሽ የመግቢያሽ ዓረፍተ ነገር ማስረጃ አገኘ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሩቦች ደግሞ የብድር ወለዱ የፖሊሲ ወለዱን መከተል ጀምሮ ከሆነ ቀኑን መዝግቢና «እስከ እዚህ ድረስ» ብለሽ መልስሽን ወስኚ።